የአባባ በቅሎ ጆሮ

ወንድሜ በቅሎና ፈረስ የማይለይ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ግን ይለያል። ሁለታችንንም ያስተማሩን አባባ ናቸው፤ ያስተማሩንም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ አርጩሜ ነው።

ቤታችን ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሳሳ ብሎ የገብስ ማሳ የሚጀምርበት ተዳፋት ላይ ነው። እኔ አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ በቅሎ ቀርቶ ድመት ቢያሳድሩ ጎረቤት ያኮርፋል። ልጅ ሳለሁ ግን ግቢያችን ውስጥ ሦስቱም ነበሩ፤ እንጨት የምትጭን አህያ፣ አንዲት ባዝራ ፈረስ፣ አባባ የሚቀመጡባት በቅሎ። እሳቸው ሦስቱን ጎን ለጎን አቁመው ይጠይቁን ነበር።

መጀመሪያ ጆሮ ነው። የአህያ ረጅም ነው፣ ስትሰማም ስትሰለችም ከሩቅ ይታያል። የፈረስ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። በቅሎ መሃል ላይ ናት፤ ጆሮዋ ከእናቷ ከፈረሷ ይረዝማል፣ ከአባቷ ከአህያው ያጥራል። ቀጥሎ ጭራ። አህያ በጭራዋ ላም ትመስላለች፤ ረጅሙ ጸጉር ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ፈረስ ከሥሩ ጀምሮ ጸጉሩ ይወርዳል። የበቅሎ ሥሩ ላይ አጭር ሆኖ ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል። ከዚያ ቁመና ነው። የፈረስ ታፋ ክብ ነው፣ ኮቴው ሰፊ ነው፣ ጋማው አንገቱ ላይ ይተኛል። አህያ ታፋዋ የሾለ፣ ጋማዋ አጭርና የቆመ፣ ኮቴዋ ጠባብ ነው፤ ጀርባዋ ላይ መስቀል የሚመስል መስመር አለ። በቅሎ አንገቷንና ሰውነቷን ከእናቷ ወሰደች፣ ቀጭን እግሯንና ጠባብ ኮቴዋን ከአባቷ። ወንድሜ ከእኔ ፈጥኖ ይመልስ ነበር። በአጥር ቀዳዳ ጭራ ብቻ አሳይተውት እንኳ አይሳሳትም። እኔ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ሲያሸንፈኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ በዚህ ነገር በሰፈሩ የታወቁ ነበሩ። ሰው ውርንጭላ ገዝቶ «የበቅሎ ነው ብሎ የፈረስ ሸጠልኝ» ብሎ ሲጣላ፣ ሻጭና ገዢ ተያይዘው ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። በእኛ አገር በቅሎ ከፈረስ በብዙ ትወደዳለችና ጠቡ ቀላል አይደለም። አባባ ውርንጭላውን አንድ ጊዜ ይዞሩታል፣ ጆሮውን ያያሉ፣ ጭራውን ያነሳሉ፣ ኮቴውን ያያሉ፤ ይበቃቸዋል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባል የለ? እሳቸው ይህን ተረት እየጠቀሱ «እሷ ብትደብቅም ጆሮዋ ይናገራል» ይሉና ይፈርዳሉ። የተፈረደበትም አያጉረመርምም። እሳቸው ካሉ አሉ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ዓይናቸው ደከመ። እኛም ዘገየን፣ ሐኪሙም «ዘግይታችኋል» አለን። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ከቀሩላቸው ነገሮች ትልቋ በቅሎዋ ነበረች። ሰጋር ናት፤ ስትሄድ የተቀመጠባት ሰው አይናጥም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን አቀበት ከእሳቸው በላይ ታውቀዋለች፣ ድንጋዩን መርጣ ትረግጣለች። ልጓሙን ለቀቅ አድርገው ዝም ይሏታል። ወንድሜ ከፊት ይስባል፣ እሳቸው እንደ ድሮው ቀና ብለው የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ይቀበላሉ። መሬት ላይ ሲሆኑ በሰው ክንድ የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው፣ በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ግን የድሮው ሰው ናቸው።

ወንድሜ ከእሳቸው ጋር ነው የሚኖረው። እንጦጦን ለማየት የሚመጣው ሰው ከበዛ ወዲህ ፈረስ ማከራየት ጀምሯል፤ ወጣቶች መጥተው ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ እሱ ልጓሙን ይዞ ያዞራቸዋል። ሥራ ነው፣ አልነቅፍም። ግን አንድ ፈረስ ብቻ ነበረው፣ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ሁለትና ሦስት አላቸው። ያ ነገር እንደሚያንገበግበው አውቅ ነበር። እንዲህ ያደርጋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ ከሾላ ገበያ በርበሬና ሽንኩርት ሸክፌ ወደ ቤት ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ስደርስ የአባባ ኮርቻ የተጫነበት እንስሳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ጭራውን አየሁ። ሥሩ ላይ ጸጉሩ አጭር ነው፤ ልክ ነው አልኩ። ቀረብ ስል ግን ያ አጭር ጸጉር የተቆረጠ ሆኖ አገኘሁት፣ መቀሱ የሄደበት ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ጋማውም ተከርክሟል። ወደ ፊት ዞርኩ። ሁለት አጭር፣ ቀጥ ያሉ ጆሮዎች ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮ በመቀስ አይረዝም።

የቤታችን በቅሎ መልኳ ዳማ፣ ቀላ ያለ ነበር፤ ይህም ዳማ ነው። ሰፊ ኮቴ፣ ክብ ታፋ፣ ጤነኛ፣ ደህና ፈረስ። ፈረሱ ላይ ቂም የለኝም።

ወንድሜ ከጎተራው ጀርባ ወጣ። ፊቴን አይቶ ክንዴን ያዘና ወደ ጓሮ ጎተተኝ።

«እታለም፣ ቀስ በይ።»

«በቅሎዋ የት አለች?»

«ለወጥኳት። በሁለት ፈረስ።»

«የማንን በቅሎ ነው የምትለውጠው? አባባ ያውቃሉ?»

«እስከ ኅዳር ማርያም ታገሺኝ። ሰውዬው ጋ ናት፣ ከታች፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ነጋዴ። ፈረሶቹን ሠርቼባቸው አስመልሳታለሁ፣ ተነጋግረናል። አሁን ቢሰሙ ግፊታቸው ተነስቶ ይወድቃሉ። አንቺ ነሽ የምትገድያቸው።»

የመጨረሻዋን እንዴት እንዳመጣት አስቡት። በቅሎ የለወጠው እሱ፣ ገዳይዋ እኔ።

ጎረቤቶቹስ አልኩት። «አባባ ፈቅደው ነው፣ ግን ስለሚከፋቸው አታንሱባቸው» ብሏቸዋል፤ በአባትና በልጅ መሃል ደግሞ ማን ይገባል? አባባስ ራሳቸው በእጃቸው አይለዩም ወይ አልኩት። ያሰበበት ነገር ነበር። በቅሎዋ ዱሮም ጆሮዋን ማንም እንዲነካት አትፈቅድም፤ ልጓም የሚያስገባው እሱ ነው። ከኋላዋም አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አይሄዱም፤ ርግጫ ይፈራሉ። ሲወጡ የሚይዙት ጋማዋን ነው፣ ጋማውን ደግሞ ከርክሞታል። ግቢ ውስጥ ፈረስ ሲያሽካካ «ያ የኪራዩ ነው» ይላል። አባባ ያስተማሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሶ፣ እያንዳንዷን ሸፍኗታል። ጎበዝ ተማሪ ነው ብያችሁ የለ።

ደሜ ፈላ። ግን እስከ ኅዳር ማርያም ሁለት ወር አልሞላም። ይመልሳታል፣ አባባ ሳይሰሙ ነገሩ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ወንድሜን አመንኩት። በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ ካላመንኩ ማንን ላምን?

ከሰዓት በኋላ አባባ ድንጋዩ ካብ ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀምጠው ጠሩኝ። ወንድሜ እንግዶች ሊያዞር ወጥቷል። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትሳቂብኝ።»

«ምን አስቆኝ አባባ?»

«በቅሎዋ ተለወጠችብኝ። ትንጠኛለች። ጉልበቴ ሲይዛት ሰፍታለች። አሰጋገሯ ጠፋ። ወንድምሽን ብጠይቀው ‹አርጅታ ነው፣ ወፍራም ሆናለች› ይለኛል። እኔ ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። እስቲ አንቺ ሂጂና እያት። ጆሮዋ እንዴት ነው?»

ፈረሱ ከእኛ አሥር እርምጃ ላይ ገለባ ይበላል። ጆሮዎቹ አጭር ናቸው።

«ረጅም ነው አባባ» አልኳቸው። «የፈረስ አይደለም።»

«ጭራዋስ?»

«ከሥሩ አጭር ነው።» ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ናት፤ ለማን እንደምትጠቅም ግን እግዜር ይወቅ።

«ኮቴዋስ? ጠባብ ነው?»

«ጠባብ ነው።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ልጅ ውሸት ሲናገር የሚያስበው ይኼንን ነው፤ አባቴ ዕረፍት ያገኛል ብሎ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «እንግዲያው እኔ ነኝ ያለቅኩት» አሉ። «ዓይኔ ሄደ ብዬ ነበር። አእምሮዬም ተከትሎት ሄዷል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። የወንድሜ «አንቺ ነሽ የምትገድያቸው» ጆሮዬ ላይ ነበረች። ተነስቼ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እሑድ እሑድ ስወጣ አባባ እየኮሰመኑ አገኘኋቸው። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች አንድ ውርንጭላ እየጎተቱ መጡ፤ የዱሮው ዓይነት ጠብ ነው፣ በቅሎ ናት አይደለችም። «በእጅዎ ዳሰው ይፍረዱን፣ እርስዎ ካሉ እናምናለን» አሏቸው። አባባ እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። «እኔ በገዛ በቅሎዬ የምሳሳት ሰው ነኝ፤ ወደ ሌላ ሂዱ» አሏቸው። ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ውርንጭላቸውን ይዘው ወረዱ። ወንድሜ በሩ ላይ ነበር። ሰምቷል። ዓይኔን ሸሽቶ የፈረስ ኮርቻ መጥረግ ጀመረ።

«እስከ መቼ ነው?» አልኩት ወጥቼ።

«ጨርሻለሁ አልኩሽ። በማርያም ቀን ጠዋት እዚህ ትሆናለች። ለምን አታምኚኝም?» ተቆጣኝ እኮ! ቁጣው ራሱ አሳመነኝ። እውነት ያልያዘ ሰው እንዲህ አይቆጣም ብዬ።

የኅዳር ማርያም ዕለት ከየካ አባዶ በጠዋት ተነሳሁ፣ ታክሲ ሁለት ቀይሬ ከታች አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። ነጋዴው ቤቱ መንገድ ላይ ነው። በቅሎዋ ወጥታ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ሣር እያወረደ ነበር። አላወቀኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ያቺ ዳማ በቅሎ?» አለኝ። «ኧረ እሷ ክረምቱ ሳይወጣ ነው የሄደችው። አሻግሬ ሰንዳፋ ማዶ ሸጥኳት።»

«ወንድሜ ያስመልሳታል ተባብለን ነበር።»

ሰውዬው ሣሩን አስቀመጠ። «ምን ማለትሽ ነው? አይሱዙው ላይ ስትጫን እንቢ ስላለች ስቦ ያወጣት ራሱ ወንድምሽ ነው።» ከዚያ ያበላሸው ነገር እንዳለ ገባውና ሣሩን መልሶ አነሳ።

እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። በመስከረም ጓሮ ወስዶ «ሰውዬው ጋ ናት» ሲለኝ በቅሎዋ ሄዳለች። «ተነጋግረናል» ሲል የሚነጋገርበት ነገር የለም። በማርያም ቀን ጠዋት ትሆናለች ብሎ ሲቆጣኝ፣ በገዛ እጁ መኪና ላይ ስቦ ያወጣት ሰው ነው። አባባን ያታለለው አንሶት እኔን ለአባባ ምስክር አድርጎኛል። እንዲህ ያለ ክህደት አይቼ አላውቅም። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያደርግም፣ እህቱን ግን አደረገ። እንባዬ መጣ፣ ከእንባዬ ጋር እየታገልኩ አቀበቱን በእግሬ ተያያዝኩት።

ቤት ሳልደርስ፣ መንገዱ በባሕር ዛፉ መሃል በሚጠብበት ቦታ ላይ አገኘኋቸው። አባባ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ወንድሜ ከፊት ይስባል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ወደ ላይ ይተማል። ወንድሜ አየኝ። እንደማውቅ ከፊቴ አወቀ፣ በዓይኑ ለመነኝ።

«አባባ» አልኩ።

«መጣሽ ልጄ? እግዜር ይስጥሽ። ዛሬ ደህና ናት፣ ትንሽ ብቻ ትንጣለች።»

መናገር ነበረብኝ፣ አሁንም አልተናገርኩም። ሕዝቡን አፈርኩ። ቤተ ክርስቲያን እንድረስ፣ ጸሎታቸውን ያድርሱ፣ ስንመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰበብ ስትፈልግ ማርያምም ታገለግላለች።

ከታችኛው መታጠፊያ አንድ የኪራይ ፈረስ የያዘ ልጅ ብቅ አለ። የእኛው ፈረስ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ሆዱን ነፋ፣ አሽካካ። ረጅም፣ ጥርት ያለ የፈረስ ድምፅ ነው። ከአባባ ጉልበትና ጉልበት መሃል ነው የወጣው።

መንገደኛው አልፎ ሄደ። ለእነሱ ፈረስ አሽካካ፣ በቃ። አባባ ግን ልጓሙን ያዙ።

«አቁም» አሉት ወንድሜን። አቆመ።

ቀኝ እጃቸውን ጋማው ላይ አድርገው ወደ ፊት ሰደዱት። ፈረሱ አልሸሸም፤ የእኛ በቅሎ ብትሆን ራሷን ትወረውር ነበር። ጆሮውን አገኙት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ከሥሩ እስከ ጫፉ ለኩት። ቶሎ አለቀ። ከዚያ «አውርዱኝ» አሉ። ማናችንም ስላልተነቃነቅን ራሳቸው እግራቸውን አሻግረው ወረዱ፣ ሊወድቁ ሲሉ ኮርቻውን ያዙ። በእጃቸው ጎኑን እየዳበሱ፣ ታፋውን እየዞሩ፣ ርግጫውን ሳይፈሩ ወደ ኋላ ሄዱ። ጭራውን አነሱ። ሥሩ ላይ የተቆረጠውን ጸጉር በጣታቸው ጫፍ ወደ ላይ ወደ ታች አበጠሩት፤ በመቀስ የተቆረጠ ጸጉር ይወጋል። አንድ እጃቸው እዚያው ቀረ።

«አባባ፣ ልንገርዎት…» አልኩ። አሁን ነው የተናገርኩት። አሁን!

እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም። አጠገባቸው የምታልፍ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ።

«የማርያም ልጅ፣ እባክሽ ቁሚልኝ» አሏት። «ዓይኔ አያይም። የዚህ እንስሳ ጆሮ ረጅም ነው አጭር?»

ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ወንድሜን አየች። ሁለት ዓይን ያላቸው ልጆች አጠገባቸው ቆመው ለምን እሷን እንደሚጠይቁ አልገባትም።

«አጭር ነው አባቴ» አለች። «ፈረስ እኮ ነው።»

«ተባረኪ። እኔ ያበድኩ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ «ወደ ላይ ነሽ?» አሏት። «አዎ» ስትል «ክንድሽን ስጪኝ» አሉ። እኔ ሮጬ ክንዴን ሰጠኋቸው። ዳሰሱት፣ አወቁት፣ ቀስ ብለው መለሱልኝ፤ የማያውቋትን ሴት ተደግፈው አቀበቱን ወጡ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም፤ ቀድሞ ማኩረፉ ደግሞ ይገርመኛል። አባባ ግን ያናግሩኛል። እሑድ ስመጣ ይመርቁኛል፣ ያመጣሁትን ይበላሉ፣ የልጆቼን ጤና ይጠይቃሉ። የማያምኑኝ ዓይን በሚጠይቅ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት «አባባ፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ካቡ ላይ ይቀመጡ» አልኳቸው። በሩ ድረስ መጡ፣ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ሙቀቱን ጠበቁ፣ ከዚያ ወጡ።